የሰውን ንግድ መቅዳት ሌብነት ነውን?

አማርኛችን ሌላውን አይቶ ለሚሠራ ሰው ብዙም ርኅራኄ የለውም። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ብሎ ይስቅበታል፤ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብሎ ይገስጸዋል። በትምህርት ቤት ዘመናችንም «ኩረጃ» የሚለው ቃል ከመምህሩ አርጩሜ ጋር አብሮ ነው የገባን። በዚህም የተነሳ አንድ ሰው በሌላ ከተማ የደራ ንግድ አይቶ ያንኑ በሰፈሩ ሲከፍት፣ ሰፈርተኛው ከጀርባው «ይሄማ የራሱ አይደለም፤ ከእነ እገሌ የቀዳው ነው» ይለዋል። ባለንግዱም ቢሆን ሲጠየቅ ዓይኑን ሰበር ያደርጋል፤ ወይም ሐሳቡ በሕልሙ የተገለጠለት ያስመስላል።

እኔ ግን ሁለት ነገር ልጠይቅ እፈልጋለሁ። የቀዳው ሰው በእርግጥ አንድ ሰው በድሏል ወይ? በድሎ ከሆነስ የበደለው ማንን ነው? ጥያቄውን በደፈናው ብናነሳው መልሱም ደፈና ይሆናልና አንድ ንግድ ልምረጥ። የምመርጠው የቡና ቤትን ነው። ቡናው ከእኛ የወጣ ነው፤ ቡና ቤቱ ደግሞ ከከተማ ወደ ከተማ ሲቀዳ የኖረ ነው፤ የመቀዳቱም ታሪክ በሚገባ ይታወቃል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አልፍሬድ ፒት የሚባል ሆላንድ ተወልዶ ያደገ ሰው በ1966 በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ ከተማ አንድ ሱቅ ከፈተ። ጥሩ ቡና መርጦ፣ ጠቆር አድርጎ ቆልቶ፣ ፍሬውን የሚሸጥ ሱቅ ነበር። ሦስት የሲያትል ሰዎች፣ ሁለት መምህራንና አንድ ጸሐፊ፣ ይህንን አይተው በ1971 በከተማቸው ተመሳሳይ ሱቅ ከፈቱ። ስሙንም ስታርባክስ አሉት። ልብ በሉ፤ የቀዱት ተደብቀው አልነበረም። ፒት ሥራውን አሳይቷቸዋል፤ መጀመሪያ ላይም የተቆላውን ቡና ከእሱ እየገዙ ነበር የሚሸጡት። የራሳቸውን መቁያ የገዙት ኋላ ነው። በርክሌይና ሲያትል ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ፤ ስለዚህ ሲያትል ላይ ቡና የገዛ ሰው ከፒት ደጃፍ የተወሰደ ደንበኛ አይደለም። ይልቁንም ተቀጂው ለቀጂው አቅራቢ ሆነ። እዚህ ላይ ሌባውን ፈልጎ የሚያገኝ ዳኛ ያለ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ቅጂ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ሆዋርድ ሹልትስ በ1982 በስታርባክስ ተቀጠረ። በ1983 ለሥራ ወደ ሚላኖ ሲሄድ በየመንገዱ ጥግ የኤስፕሬሶ ቡና ቤት አየ። ሰዎች ገብተው፣ ከባንኮኒው ፊት ቆመው፣ አንድ ሁለት ቃል ተለዋውጠውና ጠጥተው ይወጣሉ። ባሬስታው ደንበኞቹን በስም ያውቃቸዋል። ሹልትስ ወደ ሲያትል ተመልሶ «ፍሬውን ብቻ ሳይሆን ስኒውንም እንሽጥ» አላቸው። በ1984 በአንደኛው ሱቅ ጥግ ተሞክሮ ገበያው ደራ። ባለቤቶቹ ግን እኛ ቡና ቆይዎች እንጂ የመጠጥ ቤት አስተናጋጆች አይደለንም በማለት አልገፉበትም። እሱም ለቆ ወጣ።

እዚህ ላይ አንድ የማከብረው ነገር አለ። ሹልትስ ሐሳቡን ይዞ ሲወጣ ያልተቀበሉት አሠሪዎቹ በጠላትነት አልሸኙትም፤ ለአዲሱ ሥራው ከስታርባክስ ገንዘብ 150 ሺህ ዶላር አዋጡለት። እሱም ቢሆን በአንድ ጉብኝት ባየው ብቻ አልተመካም። ከባልደረባው ጋር ሆኖ ዳግም ወደ ጣሊያን ሄደ፤ ሚላኖና ቬሮና ውስጥ አምስት መቶ ያህል ቡና ቤቶችን እየገቡ ማሽኑ የት እንደተቀመጠ፣ ባሬስታው እንዴት እንደሚቆም፣ የዋጋው ሰሌዳ ምን እንደሚል ጻፉ፤ ፎቶግራፍም አነሱ። መቅዳት ማለት ይህ ከሆነ ኩረጃ ከምንለው ነገር እጅግ የራቀ ነው። ኮራጅ መልሱን እንጂ ስሌቱን አያይም።

የሆነ ሆኖ በሚያዝያ 1986 «ኢል ጆርናሌ» የተባለው ቡና ቤት ሲያትል ላይ ሲከፈት፣ ሹልትስ ሚላኖን እንዳለች ተክሏት ነበር። ወንበር የለም፤ ሁሉም ቆሞ ይጠጣል። ኦፔራ ይዘፈናል። የዋጋው ሰሌዳ በጣሊያንኛ ቃላት ተሞልቷል። ባሬስታዎቹ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው የቢራቢሮ ከረባት አስረዋል። ደንበኞቹም ማጉረምረም ጀመሩ። ኦፔራው ሰለቻቸው፤ ሰሌዳውን ማንበብ አቃታቸው፤ ጋዜጣቸውን ዘርግተው የሚቀመጡበት ወንበር ፈለጉ። ከረባቱም ለሚሠሩት ሰዎች የማይመች ሆነ። ቀስ በቀስ ወንበር ገባ፤ ሙዚቃው ተቀያየረ፤ ከረባቱ ወለቀ፤ ይዞ ለሚሄድ ደንበኛ የወረቀት ኩባያ ሆነለት። የመጨረሻው ትግል በወተት ላይ ነበር። አሜሪካውያኑ ቅባቱ የወጣለት ወተት ጠየቁ፤ ሹልትስ ይህ የጣሊያን ቡና አይደለም ብሎ እምቢ አለ፤ በኋላ ግን ተሸነፈ። በ1987 ኢል ጆርናሌ ስታርባክስን በ3.8 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ ስሙንም ወረሰ። የቀረውን ዓለም ያውቀዋል።

ብዙዎች ይህን ታሪክ ሲተርኩ «ከአካባቢው ጋር ማጣጣም ያስፈልጋል» ብለው ይዘጉታል። ይህ ግን ምንም አይነግረንም። ምኑን እናጣጥም? ምኑንስ አንንካ? ሹልትስ ከረባቱን አወለቀ እንጂ የቡናውን ጥራት አላወረደም። ወንበሩን አስገባ እንጂ ባሬስታውን በማሰሮ ቡና አልተካውም። አንድ ንግድ አጥንትም ልብስም አለው፤ ቀጂው የሚወድቀው ልብሱን አጥንት መስሎት ሲሸከም ወይም አጥንቱን ልብስ መስሎት ሲጥል ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያታልለው ወንበሩ ነው። ሚላኖ ውስጥ ቆሞ መጠጣት የጌጥ ጉዳይ አይደለም፤ የሒሳብ ጉዳይ ነው። በብዙ የጣሊያን ቡና ቤቶች ቆሞ ለጠጣ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ለተቀመጠ ከፍ ይላል። ንግዱ የሚኖረው ብዙ ሰው ቶሎ ገብቶ ቶሎ ስለሚወጣ ነው። እኛም ዘንድ ይህ ሥርዓት የማይታወቅ አይደለም። ከ1953 ጀምሮ ፒያሳ ያለው ቶሞካ ደንበኛውን በረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ ያቆመዋል፤ ሰውም ቆሞ ጠጥቶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ሲያትል ያልተቀበለችውን ፒያሳ ተቀብላዋለች ማለት ነው። አንዱ አሠራር በአንዱ ከተማ አጥንት፣ በሌላው ልብስ ሊሆን ይችላል።

አንድ ወዳጄ ይህንኑ የፒያሳ አሠራር ደብረ ብርሃን ለመውሰድ አስቦ አማከረኝ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። ያገኘው ክፍል ከአንድ የተማሪዎች መተላለፊያ አጠገብ ነው። ወረቀትና እርሳስ ይዘን ቁጭ አልን። ክፍሉ ቆመው ቢሆን 20 ሰው ይይዛል፤ ወንበር ከገባበት ግን 12 ሰው ብቻ። የቆመ ሰው አሥር ደቂቃ ቢቆይ፣ ክፍሉ በሰዓት እስከ 120 ሰው ሊያስተናግድ ይችላል። የተቀመጠ ሰው አርባ ደቂቃ ቢቆይ በሰዓት 18 ሰው ብቻ ነው። ወዳጄ ቁጥሮቹን አይቶ ፊቱ በራ፤ «እንግዲያው ማቆም ነዋ!» አለ።

«በዚያ መንገድ በሰዓት 120 ሰው ያልፋል ወይ?» አልኩት።

አላወቀም። ሄዶ እንዲቆጥር ተስማማን። በተራ ቀንና በገበያ ቀን፣ በጠዋትና ከቀትር በኋላ፣ በሩ ፊት ቆሞ ቆጠረ። የሚያልፈው ሰው ካሰበው በጣም ያነሰ ሆነ። ካለፉትም ውስጥ የሚቸኩለው ጥቂቱ ነው፤ ብርዱን ሸሽቶ ሞቅ ያለ ቦታ የሚፈልገው ይበዛል። ፒያሳ ሰውን የሚያቆመው ጠረጴዛው አይደለም፤ ቢሮው፣ ሱቁና ታክሲው ነው። ጠረጴዛውን ተሸክሞ መሄድ ይቻላል፤ የሚጣደፈውን ሰው ግን ተሸክሞ መሄድ አይቻልም።

ስለዚህ ወንበሩ ገባ፤ ሒሳቡም ከሥሩ ተለወጠ። ከአንድ ስኒ አሥር ብር ይተርፋል ብንል፣ በሰዓት ከ18 ሰው 180 ብር ነው። ይህ የቤት ኪራይና ደመወዝ ሊሸከም አይችልም። አርባ ደቂቃ ከተቀመጡት ግማሾቹ አሥራ አምስት ብር የሚተርፍበት የሚበላ ነገር ቢጨምሩ ግን 135 ብር ይታከልበታል። እንግዲህ ወዳጄ የሚከፍተው የቡና ቤት ብቻ ሳይሆን የዳቦና የሳምቡሳ ቤትም ነው። ፒያሳ ላይ ሲያየው ያልነበረ ነገር ደብረ ብርሃን ላይ ምሰሶው ሆነ።

ወተቱስ? ሲያትል ቅባቱ የወጣለት ወተት ጠየቀች፤ የእኛ ሰው ደግሞ በጾም ቀን ጭራሽ ወተት የሌለበት ይፈልጋል። ረቡዕና ዓርብ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀናትና ሌሎቹም አጽዋማት ሲደመሩ ከዓመቱ ሲሶ በላይ ነው። የማኪያቶን ሽያጭ ምሰሶ አድርጎ የተነሳ ሰው እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ከተማ ይህን ካላሰበ በየካቲት ወር በሩን ይዘጋል። ስለዚህ ጥቁሩ ቡና፣ ሻዩና የሁለቱ ድብልቅ የሆነው ስፕሪስ በሰሌዳው ጥግ የሚሰፍሩ አይሆኑም፤ አናቱ ላይ ነው የሚጻፉት። ዳቦውም የጾም መሆን አለበት።

ሌላም መጠንቀቂያ ነገርኩት። በመጀመሪያው ወር የሚመጣው ሰው አዲስ ነገር ለማየት የመጣ ነው። ግፊያውን አይቶ ሁለተኛ ማሽን የገዛ ብዙ ነጋዴ ኋላ አዝኗል። መታየት ያለበት በሦስተኛው ወር በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚመላለሰው ሰው ስንት ነው የሚለው ነው። የሚለወጥ ነገር ካለም አንድ በአንድ ይለወጥ። ሙዚቃውን፣ ዋጋውንና ዳቦውን በአንድ ሳምንት ለውጦ ደንበኛ ቢቀርበት፣ የትኛው እንዳሸሸው በምን ያውቃል?

እስካሁን ስለ አሠራሩ ነው የተናገርኩት። አሁን ወደ ተነሳሁበት ጥያቄ ልመለስ። ወዳጄ ከፒያሳ ምን ወሰደ? አሠራር ወሰደ። አሠራር ብትወስደው ከባለቤቱ አይጎድልም፤ ሻማ ከሻማ ቢለኮስ የፊተኛው እንደማይጠፋ ማለት ነው። ስም ግን እንዲህ አይደለም። ስም የሌላ ሰው የብዙ ዓመት ድካም ነው፤ የወሰደው ሰው ከፊተኛው ላይ ይቀንሳል። በዚህ ረገድ እኛው ራሳችን ከሳሽ ሆነን ቆመን እናውቃለን። መንግሥታችን በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት፣ ስታርባክስ ቀደም ብሎ «ሲዳሞ» የሚለው ቃል ያለበትን ስም ለማስመዝገብ አመልክቶ ተገኘ። ክርክሩ ከረረ፤ በ2007 በስምምነት ተቋጨ፤ ኩባንያው ለስሞቹ ዕውቅና የሚሰጥ ውል ፈረመ። በዚያን ጊዜ ያነሳነው ክርክር «ቡናችንን አትሽጡ» የሚል አልነበረም፤ «ስሙ የእኛ ነው» የሚል ነበር።

ታዲያ ይህንን ሚዛን ለሌላው ብቻ ማውጣት አይቻልም። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ካልዲስ ክብ አረንጓዴ ምልክቱ ስታርባክስን ያስታውሳል ተብሎ በውጭ አገር ጋዜጣ ሳይቀር ተጽፎበታል። እንደኔ አስተያየት የቤቱ አሠራር የሚያስወቅስ አይደለም፤ ስሙም የራሳችን የእረኛው የካልዲ አፈ ታሪክ ነው። ክቡ አረንጓዴ ምልክት ግን ከአሠራር ይልቅ ለስም ይቀርባል። በስማችን ላይ የተቆጣን ሰዎች የሌላው ምልክት ሲሆን በሳቅ ብናልፈው ቁጣችን ይረክሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፍርዴ ይህ ነው፦ አሠራሩን ውሰድ፤ ከየት እንደወሰድክም ሳታፍር ተናገር፤ ስሙንና ምልክቱን ግን ለባለቤቱ ተው።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ቀላል ነበር። ግን በደልን ስንፈልግ ዓይናችን ሁልጊዜ ወደ ተቀዳበት ከተማ ነው የሚያየው። ወዳጄ ስለ ፒያሳ ተጨንቆ ነበር፤ ከሚከፍተው በር አሥር እርምጃ ርቀው በከሰል ምድጃ ላይ ጀበና ጥደው ስለሚቀመጡት እናት ግን እኔ እስክጠይቀው ድረስ አላሰበም። ሴትዮዋ ከዚያ ቦታ ላይ ዓመታት አሳልፈዋል። ሦስት አራት በርጩማ አላቸው፤ ቄጠማ ይጎዘጉዛሉ፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያ ስኒ ነው። ፒያሳ ከወዳጄ ቡና ቤት አንዲት ሳንቲም አይቀርባትም። እኚህ እናት ግን ሁሉም ነገር ሊቀርባቸው ይችላል።

ወዳጄ በመጀመሪያ «እኔ የእሳቸውን አልቀዳሁም፤ የእኔ የማሽን ነው» አለኝ። በደንብ ካሰብነው ግን የቀዳው ከእሳቸውም ጭምር ነው። የዚያ መንገድ ሰው ከቤቱ ውጭ ገንዘብ ከፍሎ ቡና እንደሚጠጣ በምን አወቀ? በእሳቸው በርጩማ ላይ ሰው ተቀምጦ ስላየ አይደለም ወይ? አሠራሩን ያረጋገጠለት ፒያሳ ነው፤ መንገዱን ያረጋገጡለት ግን እሳቸው ናቸው። «ተፈትኖ የታወቀ ንግድ» የምንለው ነገር ሁለት ፈታኝ አለው፤ እኛ የምናመሰግነው ሩቅ ያለውን፣ ስሙ የገነነውን ብቻ ነው።

ሄዶ አነጋገራቸው። «እትዬ፣ እዚህ ጋ የማሽን ቡና ልከፍት ነው፤ እንዳይጎዱብኝ ብዬ ነው» አላቸው። እሳቸውም ትንሽ ዝም ብለው፣ «ማሽኑ መብራት ሲጠፋ ምን ያደርጋል ልጄ?» ሲሉ መለሱለት።

ይህንን ጥያቄ እኔም እሱም በወረቀታችን ላይ አልጻፍነውም ነበር። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፤ የተቀመጠው ደንበኛም ተነስቶ ይሄዳል። የእሳቸው ከሰል ግን አይጠፋም። ከብዙ ንግግር በኋላ የደረሱበት ስምምነት አጭር ነው። እሳቸው በቤቱ በረንዳ ላይ ያለ ኪራይ ይቀመጣሉ፤ የጀበናው ቡና ገንዘብ የእሳቸው ነው፤ እሱ ደግሞ የጀበና ቡና አያፈላም። የጀበናውን የመረጠ ደንበኛ ዳቦውን ከእሱ ይገዛል፤ መብራት ሲጠፋም ቤቱ ባዶ አይሆንም። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ሁለቱም የሚያተርፉበት ውል ነው። ባይቀበሉት ኖሮ ምን ይደረግ ነበር? እንደሚመስለኝ ወዳጄ ቤቱን መክፈት መብቱ ነው፤ ሳይጠይቅ መክፈቱ ግን በደል ይሆን ነበር። ውድድር ኃጢአት አይደለም፤ የሚጎዳውን ሰው አለማየት ግን ኃጢአት ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ውል ይገኛል ማለቴ አይደለም። አንድ ትልቅ ዳቦ ቤት ሲከፈት አምባሻ ሻጭዋን በረንዳው ላይ የሚያስቀምጥበት መላ ላይኖር ይችላል። ቢሆንም መጠየቁ ራሱ ንግዱን ይለውጠዋል። የሲያትል ሰዎች ከረባቱንና ኦፔራውን ያስወለቁት በማጉረምረም ነው፤ ሹልትስም የዳነው ስለሰማቸው ነው። ነገር ግን የሰማው ገንዘብ ይዞ በሩን የገባውን ሰው ነበር። በሩ ውጭ የተቀመጠውን ሰው የሚያሰማ ገበያ የለም፤ እሱን መስማት የባለንግዱ ኅሊና ፈንታ ነው።

ስታርባክስ በመስከረም 2018 ሚላኖ ላይ ቤት ከፈተ፤ በ1983 ከታየው ቡና ቤት ጋር የማይገናኝ፣ በቀድሞ ፖስታ ቤት ውስጥ የተሠራ ግዙፍ መቁያ ያለው ቤት። የተቀዳው ነገር ሌላ ሆኖ ወደ ምንጩ ተመለሰ፤ የሚላኖ ሰዎችም ባንኮኒያቸው ፊት ቆመው መጠጣታቸውን አላቆሙም። ከከተማ ወደ ከተማ የሚቀዳ ነገር ምንጩን እንደማያደርቅ ለሚጠራጠር ሰው ይህ በቂ ምስክር ይመስለኛል።

እንግዲህ መቅዳት ሌብነት ነውን? ስም ካልተወሰደ አይደለም። ነገር ግን ቀጂው ዕዳ የለበትም ማለት አይደለም። ዕዳው ያለው አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄዶ ባየው ከተማ አይደለም፤ በየቀኑ እያለፈ ሰላም በሚላት ጀበና ጣጅ ዘንድ ነው።